የሚጨመቅ ሞላ የጥምዝ ብዛት፣ ድፍን ቁመትና ነጻ ርዝመት አወሳሰን፦ የውሃ መሳቢያ ሞተር ፉት ቫልቭ ሞላ በምሳሌነት

ዘንዘልማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ፣ በጣና ሐይቅ ዳርቻ አካባቢ የሚገኝ ሥፍራ ሲሆን፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅም የሚገኘው በዚሁ ነው። በሐይቁ ዳርቻ በውሃ መሳቢያ ሞተር የሚያለሙ ተገልጋዮች ወደ ብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ይዘው ከሚሄዷቸው ጥቃቅን ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ ወይም የዛገ የፉት ቫልቭ ሞላ ነው። ይህ ጽሑፍ በሽቦው ውፍረትና በሞላው የውጭ ዲያሜትር ላይ በመመሥረት ተተኪ ሞላ እንዴት እንደሚሰላ፣ እንዴት እንደሚታዘዝና በርክክብ ጊዜ እንዴት እንደሚፈተሽ ያስረዳል።

1. የሞላው ተግባር

ፉት ቫልቭ በመሳቢያ ቱቦው ጫፍ፣ በውሃው ውስጥ የሚቀመጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት መዝጊያ ነው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ውሃው መዝጊያውን ወደ ላይ ገፍቶ ያልፋል፤ ሞተሩ ሲቆም ደግሞ መዝጊያው ወደ መቀመጫው ተመልሶ በቱቦው ውስጥ ያለውን ውሃ ይይዛል። ከፉት ቫልቮች ከፊሎቹ የሚዘጉት በጎማ ምላስ ወይም በመዝጊያው ክብደት ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው መዝጊያቸው በሚጨመቅ ሞላ የሚመለሰውን ነው።

ሞላው ከሚገባው በላይ የላላ ከሆነ መዝጊያው በወቅቱ አይቀመጥም፤ ቱቦው ባዶ ስለሚሆንም ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ውሃ መሙላት ያስፈልጋል። ከሚገባው በላይ የጠጠረ ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ውሃውን ለመሳብ ካለው አቅም ከፊሉን መዝጊያውን ለመክፈት ብቻ ያውለዋል።

ሁለተኛው ጉዳት በጣና ዳርቻ የበለጠ ይሰማል። ማንኛውም መሳቢያ ፓምፕ ውሃን ከታች የሚያነሣው በከባቢ አየር ግፊት አማካይነት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ይህ ግፊት ቢበዛ 10.3 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ይሸከማል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በዚያ የሚሸከመው 8.3 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በተግባር የሚገኘው የመሳብ ከፍታ ደግሞ ከዚህም በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ አለልክ የጠጠረ ሞላ የሚወስደው እያንዳንዱ አሥር ሳንቲ ሜትር አስቀድሞ ከተቀነሰ አቅም ላይ የሚነሣ ነው።

2. ከሁለቱ ልኬቶች የሚገኘውና የማይገኘው

የሽቦው ዲያሜትርና የሞላው የውጭ ዲያሜትር ብቻ ቢታወቁ የሞላውን ርዝመትና የጥምዝ ብዛት መወሰን አይቻልም። በአንድ ዓይነት ሽቦና በአንድ ዓይነት ስፋት አምስት ጥምዝ ያለውም ሃያ ጥምዝ ያለውም ሞላ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱ ልኬቶች የሚናገሩት አንድ ጥምዝ ብቻውን ምን ያህል ግትር እንደሆነ ነው።

የቀረውን ለመወሰን ሁለት ተጨማሪ መረጃዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ሞላው በሥራ ላይ እንዲሰጥ የሚፈለገው ግፊት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚጨመቅበት ርቀት ነው። እነዚህ ከታወቁ ሥራው በሦስት ደረጃ ይጠናቀቃል፤ በመጀመሪያ የጥምዝ ብዛት፣ ቀጥሎ ድፍን ቁመት፣ በመጨረሻም ነጻ ርዝመት ይገኛል። ቅደም ተከተሉን መለወጥ አይቻልም፤ እያንዳንዱ ደረጃ የቀደመውን ውጤት ይጠቀማልና።

በስሌቱ ውስጥ የሚከተሉት ምልክቶች አገልግሎት ላይ ውለዋል።

- `d` የሽቦው ዲያሜትር
- `OD` የሞላው የውጭ ዲያሜትር
- `D` አማካይ ዲያሜትር፣ ማለትም ከሽቦው መሐል እስከ ትይዩው ሽቦ መሐል ያለው ስፋት
- `G` የሽቦው ብረት ለመጠምዘዝ ያለው ግትርነት
- `k` የሞላው ግትርነት፣ ማለትም ሞላውን በአንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ግፊት
- `Na` የሚሠሩ ጥምዞች ብዛት
- `Nt` የጠቅላላ ጥምዞች ብዛት
- `Ls` ድፍን ቁመት፣ ማለትም ጥምዞቹ ሁሉ ተነካክተው ሞላው ከዚያ በላይ መጨመቅ ሲያቅተው ያለው ቁመት
- `L0` ነጻ ርዝመት፣ ማለትም ምንም ሳይጫነው ያለው ርዝመት

3. ልኬት አወሳሰድ

ለምሳሌ የተወሰደው መቀመጫው 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፉት ቫልቭ ነው። አሮጌው ሞላ ዝጎ ተሰብሯል። ከቫልቩና ከስብርባሪው የሚከተሉት ልኬቶች በካሊፐር ተወስደዋል።

- የሽቦው ዲያሜትር 1.2 ሚሊ ሜትር
- የሞላው የውጭ ዲያሜትር 16.8 ሚሊ ሜትር
- መዝጊያው ሲዘጋ ለሞላው የሚቀረው ቦታ 36 ሚሊ ሜትር
- መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ለሞላው የሚቀረው ቦታ 26 ሚሊ ሜትር

የሽቦውን ውፍረት ለመለካት ዝገቱ በቅድሚያ በብርጭቆ ወረቀት መነሣት አለበት። ዝገት ሽቦውን ወፍራም አስመስሎ ያሳያል፤ ዝገቱ ሲነሣ ደግሞ የተበላው ክፍል ቀጥኖ ይገኛል። ስለዚህ ልኬቱ ቢያንስ በአራት ቦታ ተወስዶ፣ ካልተበላው ክፍል የተገኘው ሊያዝ ይገባል።

የአሮጌውን ሞላ ርዝመት እንዳለ ወስዶ ለአዲሱ መጠቀም ተገቢ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ታምቆ የቆየ ሞላ ብዙውን ጊዜ አጥሮ ይቀራልና። የማይለወጠው ልኬት በቫልቩ አካል ውስጥ ያለው ቦታ በመሆኑ፣ ለስሌቱ መነሻ የሚሆኑት 36ቱና 26ቱ ሚሊ ሜትር ናቸው።

የሚፈለገው ግፊት ከቫልቩ መቀመጫ ስፋት ይሰላል። 50 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው መቀመጫ 1,963 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። በዚህ ስፋት ላይ 3 ኒውተን ግፊት ሲያርፍ፣ ከ16 ሳንቲ ሜትር ገደማ የውሃ ዓምድ ጋር እኩል ይሆናል። 6 ኒውተን ሲሆን ደግሞ 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለዚህ ምሳሌ ሞላው መዝጊያው ሲዘጋ 3 ኒውተን፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 6 ኒውተን እንዲሰጥ ተወስኗል። 3 ኒውተን ማለት 306 ግራም ክብደት የሚያሳርፈው ጫና ነው።

ከ36 ወደ 26 ሚሊ ሜትር ሲጨመቅ፣ ማለትም በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ግፊቱ በ3 ኒውተን ይጨምራል። ስለዚህ የሚፈለገው ግትርነት በአንድ ሚሊ ሜትር 0.3 ኒውተን ነው።

4. የመጀመሪያው ደረጃ፦ የጥምዝ ብዛት

በቅድሚያ ከውጭ ዲያሜትሩ ላይ አንድ የሽቦ ውፍረት ተቀንሶ አማካይ ዲያሜትሩ ይገኛል። ከዚያም የሚሠሩ ጥምዞች ብዛት ይሰላል።

```
D  = OD - d
Na = (G × d^4) / (8 × D^3 × k)
```

የ`G` መጠን እንደ ብረቱ ዓይነት ይለያያል። ለሞላ ሥራ ለሚውል የማይዝግ (ስቴንለስ) ሽቦ 70,000፣ ለተራ የካርቦን ብረት የሞላ ሽቦ ደግሞ 80,000 ገደማ ኒውተን በስኩዌር ሚሊ ሜትር ይያዛል። ፉት ቫልቭ ዘወትር ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ በመሆኑ፣ በዚህ ምሳሌ የማይዝግ ሽቦ ተመርጧል።

```
D  = 16.8 - 1.2 = 15.6
Na = (70000 × 2.0736) / (8 × 3796.4 × 0.3) = 15.9
```

ውጤቱ ወደ 16 ይጠጋጋል። እነዚህ 16 ጥምዞች በነጻነት የሚጨመቁት ናቸው። በእያንዳንዱ የሞላ ጫፍ ላይ ግን ሞላው ቀጥ ብሎ እንዲቆም አንድ ጥምዝ በአጠገቡ ካለው ጋር ተጠግቶ ይዘጋል። ይህ የተዘጋ ጥምዝ እንደ መቀመጫ ብቻ ስለሚያገለግል ከሚሠሩት ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ ጠቅላላው ብዛት በሁለት ይጨምራል።

```
Nt = Na + 2 = 16 + 2 = 18
```

በዚህ ደረጃ አማካይ ዲያሜትሩ ከሽቦው ውፍረት ስንት እጥፍ እንደሆነ መመልከትም ያስፈልጋል። 15.6 ለ1.2 ሲካፈል 13 ይሆናል። ለአጠማዘዝ የሚመቸው ከ4 እስከ 12 ያለው ነው። ከ4 ሲያንስ ሽቦው በጠባብ መጠምዘዝ ስላለበት ሥራው ይከብዳል፤ ከ12 በላይ ሲሄድ ደግሞ ሞላው ልፍስፍስ እየሆነ ልኬቱን መጠበቅ ያስቸግራል። 13 ከወሰኑ ጥቂት ያለፈ በመሆኑ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም በርክክብ ጊዜ የውጭ ዲያሜትሩ በጥንቃቄ መለካት ይኖርበታል።

5. ሁለተኛው ደረጃ፦ ድፍን ቁመት

ድፍን ቁመት የሚወሰነው በጥምዞቹ ብዛት፣ በሽቦው ውፍረትና በጫፉ አሠራር ነው። ጫፉ ተዘግቶ በሞላ መፍጫ ድንጋይ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተሞረደ፣ ድፍን ቁመቱ ጠቅላላ ጥምዝ በሽቦ ውፍረት ተባዝቶ ይገኛል። ጫፉ ተዘግቶ ሳይሞረድ ከቀረ ግን፣ የሽቦው ጫፍ ሙሉ ውፍረት ስለሚቀር አንድ የሽቦ ውፍረት ይጨመራል።

```
የተሞረደ፦   Ls = Nt × d       = 18 × 1.2 = 21.6
ያልተሞረደ፦  Ls = (Nt + 1) × d = 19 × 1.2 = 22.8
```

ለእንዲህ ያለ ቀጭን ሽቦና ዝቅተኛ ግፊት ጫፉን መሞረድ አስፈላጊ ስላልሆነ፣ ድፍን ቁመቱ 22.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወሰዳል።

ቀጥሎ ይህ ቁመት በቫልቩ ውስጥ ካለው ቦታ ጋር መነጻጸር አለበት። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የሚቀረው ቦታ 26 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ መጠባበቂያ ሞላው ከነጻ ርዝመቱ እስከ ሙሉ ክፍት ድረስ ከሚጨመቅበት ርቀት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህል መሆን እንዳለበት ይመከራል። በሚቀጥለው ክፍል እንደሚታየው ጠቅላላው ርቀት 20 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ የሚያስፈልገው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3.2 በቂ ነው ማለት ነው።

ድፍን ቁመቱ ከ26 በልጦ ቢገኝ ኖሮ መዝጊያው በሙሉ ሊከፈት አይችልም ነበር። በዚህ ሁኔታ ርዝመቱን በማሳጠር ችግሩ አይፈታም፤ ሽቦውን ከሌላ ውፍረት ወይም የውጭ ዲያሜትሩን ከሌላ መጠን መርጦ ስሌቱን ከመጀመሪያው ደረጃ መጀመር ይገባል።

6. ሦስተኛው ደረጃ፦ ነጻ ርዝመት

ሞላው በ36 ሚሊ ሜትር ላይ ሲቀመጥ 3 ኒውተን እንዲሰጥ ተፈልጓል። ግትርነቱ በአንድ ሚሊ ሜትር 0.3 ኒውተን ስለሆነ፣ 3 ኒውተን ለማግኘት 10 ሚሊ ሜትር አስቀድሞ መጨመቅ አለበት። ስለዚህ ነጻ ርዝመቱ 46 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከ46 ተነሥቶ 26 ላይ ሲደርስ ደግሞ በድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ተጨምቆ 6 ኒውተን ይሰጣል።

```
L0 = 36 + 3/0.3 = 46
```

ለአጠማዛዡ ባለሙያ የሚያስፈልገው ቀጣይ ልኬት በሁለት ተከታታይ ጥምዞች መካከል ከሽቦ መሐል እስከ ሽቦ መሐል ያለው ርቀት ነው። ጫፉ ላልተሞረደ ሞላ ከነጻ ርዝመቱ ሦስት የሽቦ ውፍረት ተቀንሶ ለሚሠሩት ጥምዞች ይካፈላል።

```
p = (L0 - 3d) / Na = (46 - 3.6) / 16 = 2.65
```

ይህ ማለት በጥምዞቹ መካከል 1.45 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ስሌቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ክፍተቱን በ16 ማባዛት ይቻላል። ውጤቱ 23.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከነጻ ርዝመቱ ላይ ድፍን ቁመቱ ሲቀነስ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በአንዱ ደረጃ ስህተት ተፈጥሯል ማለት ነው።

በመጨረሻም ነጻ ርዝመቱ ከአማካይ ዲያሜትሩ አራት እጥፍ እንዳይበልጥ ይታያል። ከበለጠ ሞላው ሲጨመቅ ወደ ጎን ሊጎብጥ ይችላል። በዚህ ምሳሌ 46 ለ15.6 ሲካፈል ሦስት ስለማይሞላ ሥጋት የለም።

7. የሚያጋጥሙ ስህተቶችና መለያቸው

የመጀመሪያው ስህተት በአማካይ ዲያሜትር ምትክ የውጭ ዲያሜትሩን በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው። በዚህ ምሳሌ 16.8 ቢገባ ውጤቱ 13 የሚሠሩ ጥምዞች ይሆናል። በእውነቱ ግን እንዲህ የተሠራው ሞላ ከተፈለገው በ23 በመቶ ገደማ ይጠጥራል። ልዩነቱ ይህን ያህል የሚሰፋው ዲያሜትሩ በስሌቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ ነው።

ሁለተኛውና ከፍ ያለው ስህተት የሽቦው ውፍረት መለወጥ ነው። ውፍረቱ በስሌቱ ውስጥ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። የ1.2 ሽቦ ታጥቶ በ1.3 ቢተካና የውጭ ዲያሜትሩም ሆነ የጥምዙ ብዛት ሳይለወጥ ቢቀር፣ ግትርነቱ ከ0.3 ወደ 0.42 ያድጋል። ሞላው በሙሉ ክፍት ላይ የሚሰጠው ግፊት 8.4 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ የውሃ ዓምድ ነው። ድፍን ቁመቱም ወደ 24.7 ሚሊ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ መጠባበቂያው ከ3.2 ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዐይን የማይለይ የአንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ልዩነት ሁለት ጉዳት ያስከትላል ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ቤቱ ሌላ ውፍረት ያለው ሽቦ ለመጠቀም ከተገደደ፣ የጥምዙ ብዛት እንደገና እንዲሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ስህተት በሥራ ቤት ውስጥ የሚፈጠር ነው። ሽቦ በቶርኖ ላይ በዘንግ ተጠምጥሞ ሲለቀቅ በራሱ ኃይል ከፈት ይላል። የዚህ ሞላ የውስጥ ዲያሜትር 14.4 ሚሊ ሜትር መሆን ስላለበት፣ የሚጠመጠምበት ዘንግ ከዚህ መቅጠን ይኖርበታል። ምን ያህል እንደሚቀጥን የሚታወቀው በዚያው ሽቦ ጥቂት ጥምዞችን አስቀድሞ ሞክሮ በመለካት ነው። ዘንጉ 14.4 ሆኖ ከተሠራ ሞላው ሰፍቶ በቫልቩ ግድግዳ ላይ ሊታሽ ይችላል። የዚህ ምልክት በጥምዞቹ የውጭ ገጽ ላይ የሚታይ የሚያብረቀርቅ መስመር ነው።

አራተኛው ስህተት የሚሠሩትንና ጠቅላላዎቹን ጥምዞች ማደባለቅ ነው። ትእዛዙ «16 ጥምዝ» ብቻ ካለ፣ ባለሙያው የጫፎቹን ሁለት ጥምዞች ጨምሮ 16 ሊሠራ ይችላል፤ የሚሠሩት 14 ብቻ ይሆኑና ሞላው ይጠጥራል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች በጽሑፍ መስፈር አለባቸው።

8. በርክክብ ጊዜ የሚደረግ ፍተሻ

ተገልጋዩ የተሠራውን ሞላ ከሥራ ቤቱ ከመውሰዱ በፊት በሚከተለው ቅደም ተከተል ማረጋገጥ ይችላል።

1. ሞላው ሦስት ጊዜ እስከ ድፍን ቁመቱ ድረስ ይጨመቅና ይለቀቃል። ከዚህ በኋላ ነጻ ርዝመቱ ይለካል። አዲስ ሞላ በመጀመሪያው ጭመቃ በጥቂቱ ሊያጥር ስለሚችል፣ ከዚህ በፊት የተወሰደ ልኬት አያስተማምንም። በየጭመቃው ማጠሩን ከቀጠለ፣ የተሠራበት ሽቦ ለሞላ የሚሆን አይደለም።
2. ጥምዞቹ ከአንዱ የሽቦ ጫፍ ጀምሮ በዚያው ትይዩ መስመር ላይ እየተቆጠሩ 18 መሆናቸው ይረጋገጣል።
3. ሞላው በግራም በሚያነብ ሚዛን ላይ ቆሞ ከላይ በጠፍጣፋ ነገር ይጨመቃል። ቁመቱ 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሚዛኑ ከ300 ግራም ጥቂት ከፍ ያለ፣ 26 ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ ከ600 ግራም ጥቂት ከፍ ያለ ማንበብ አለበት።

ሚዛኑ በሁለቱም ቁመት ላይ በተመሳሳይ ግራም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ካነበበ ስህተቱ በነጻ ርዝመቱ ላይ ነው። ከ36 ወደ 26 ሲወርድ የሚታየው ጭማሪ ራሱ ከ300 ግራም በእጅጉ ከራቀ ግን፣ ስህተቱ በሽቦው ውፍረት፣ በዲያሜትሩ ወይም በጥምዝ ብዛቱ ላይ ነው። ይህ ልዩነት ሞላው ይስተካከል ወይስ እንደገና ይሠራ የሚለውን ለመወሰን ያገለግላል፤ ርዝመትን በመጠኑ ማስተካከል ይቻላል፣ ግትርነትን ግን አይቻልም።

9. በሥራ ትእዛዝ ላይ መስፈር ያለባቸው

- የሽቦው ዓይነትና ውፍረት፦ የማይዝግ የሞላ ሽቦ፣ 1.2 ሚሊ ሜትር
- የውጭ ዲያሜትር፦ 16.8 ሚሊ ሜትር
- ጥምዝ፦ የሚሠሩ 16፣ ጠቅላላ 18
- ጫፍ፦ በሁለቱም በኩል የተዘጋ፣ ያልተሞረደ
- ነጻ ርዝመት፦ 46 ሚሊ ሜትር
- ድፍን ቁመት፦ ከ22.8 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ
- ግፊት፦ በ36 ሚሊ ሜትር 3 ኒውተን፣ በ26 ሚሊ ሜትር 6 ኒውተን

ማስገንዘቢያ

እነዚህ ቁጥሮች የሚያገለግሉት በምሳሌው ለተጠቀሰው ቫልቭ ብቻ ነው፤ ለሌላ መጠን ስሌቱ በራሱ ልኬቶች መሠራት አለበት። የመዝጊያው ክብደት ከፍ ያለ ከሆነና ቫልቩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ ክብደቱ ራሱ ለመዝጋት ስለሚረዳ የሞላው ግፊት በዚያው መጠን ሊቀነስ ይችላል።

ይህ አሠራር ቀስ ብለው ለሚሠሩና ዝቅተኛ ጫና ላለባቸው ሞላዎች የተዘጋጀ ነው። በደቂቃ ብዙ ጊዜ ለሚጨመቁ የሞተር ቫልቭ ሞላዎች፣ እንዲሁም ለፍሬንና ለግፊት መከላከያ ቫልቭ ሞላዎች የሽቦው የመሸከም አቅምና የድካም ስሌት ተጨምሮ ስለሚያስፈልግ፣ በእነዚህ ላይ የአምራቹን ትክክለኛ መለዋወጫ መጠቀም ይገባል።